ከስልክ የስህተት ስክሪንሾት ተነስቶ የድጋፍ ቲኬት አጻጻፍ

ደንበኛ በቴሌግራም አንድ ስክሪንሾት ይልካል፣ ከሥሩ «አፑ አልሠራ አለኝ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ስክሪንሾት ተቀብሎ ለዴቨሎፐሮች የሚሄድ ቲኬት መጻፍ ላለበት ሰው ነው። የድጋፍ ሠራተኛም ይሁኑ፣ ለቢሮዎ አፕ የተመደቡ ባለሙያ፣ ወይም ስለ ራስዎ ስልክ የሚያመለክቱ ተጠቃሚ፣ አሠራሩ ያው ነው። ጥሩ ቲኬት የሚባለው ዴቨሎፐሩ እርስዎን ሳይደውል ችግሩን በራሱ ስልክ ላይ ማምጣት የሚችልበት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው መረጃ በብዛት ከስክሪንሾቱ ውስጥ አለ፤ ግን ሁሉም ሰው የሚያየው መሃሉን ብቻ ነው። ብዙው ነገር ያለው ጠርዙ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሥዕሉን በደንብ ያግኙ

ምንም ነገር ከማስተካከልዎ በፊት ሥዕሉ በእጅዎ ይግባ። «አፑን አጥፍተው ይክፈቱት»፣ «ዳታውን ያጽዱት»፣ «አራግፈው እንደገና ይጫኑት» የሚሉት ምክሮች ችግሩን አንዳንዴ ያጠፉታል፤ ምክንያቱን ግን አብረው ይጠርጉታል። ደንበኛው አፑን አራግፎ ከጫነ በኋላ ቀድሞ የነበረው ቨርዥን ስንት እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ዳታውን ካጸዳ ደግሞ ወደ ሰርቨር ያልተላከ መረጃው አብሮ ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መቅዳት፣ መጠየቅ፣ ከዚያ መሞከር ነው።

ሥዕሉ ሳይቆረጥ፣ ከላይ ሰዓቱና ባትሪው ካለበት እስከ ታች ድረስ ሙሉ መሆን አለበት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ስሙም ይቀየራል፤ photo ብሎ የሚጀምር ስም ካዩ ዋናው ፋይል አይደለም። ደንበኛውን «እንደ ፋይል ይላኩልኝ» ይበሉት፤ በቴሌግራም የማያያዣውን ምልክት ነክቶ File የሚለውን መምረጥ ነው። የሚከፈለው ዋጋ አንድ ተጨማሪ መልእክት ነው፤ የሚገኘው ደግሞ የፋይሉ ስም ነው፤ ለምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ ይታያል።

ሁለት ሁኔታዎች አስቸጋሪ ናቸው። አንደኛው፣ ብዙ የባንክና የክፍያ አፖች ስክሪንሾት ይከለክላሉ፤ ስልኩ «አይፈቀድም» ይላል ወይም ጥቁር ሥዕል ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አፑ ሆን ብሎ የዘጋው ነው። ያን ጊዜ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ነው፤ ብልጭታውን አጥፍቶ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ አራቱም ጠርዝ እንዲገባ አድርጎ። ሁለተኛው፣ ከታች ብቅ ብሎ የሚጠፋው ትንሽ ጽሑፍ ነው። አንድሮይድ ላይ ይህ ጽሑፍ የሚቆየው 2 ሰከንድ፣ ረዘም ያለው 3.5 ሰከንድ ነው፤ ቁልፍ ተጭኖ ስክሪንሾት ለማንሳት አይበቃም። ለእሱ የስክሪን ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ መቅረጫው ከስልኩ ጋር ይመጣል፣ አይፎንም አለው። ከቪዲዮው ላይ ጽሑፉ የታየበትን ቅጽበት አቁመው ስክሪንሾት ያነሳሉ፤ ሁለቱንም ያያይዛሉ።

ሳጥኑ የማን ነው?

አሁን ሥዕሉን ያንብቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልእክቱን ያወጣው ማን ነው የሚለው ነው፤ አንድሮይድ ራሱ ነው ወይስ አፑ? ለዴቨሎፐሩ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ከአፑ ስም ቀጥሎ has stopped ወይም keeps stopping የሚል ከሆነ መልእክቱ የአንድሮይድ ነው። አፑ ያልጠበቀው ነገር ገጥሞት ሞቷል ማለት ነው፤ ሁለተኛው አባባል ደግሞ ደጋግሞ እየሞተ መሆኑን ይናገራል። ከሳጥኑ ውስጥ ምክንያቱን አይፈልጉ፣ የለበትም። ምክንያቱ ያለው ስልኩ በሚመዘግበው ዝርዝር ውስጥ ነው። ደንበኛው ለጉግል መረጃ ማጋራትን ፈቅዶ ከሆነና አፑ የመጣው ከፕሌይ ስቶር ከሆነ፣ ዝርዝሩ ለዴቨሎፐሩ በራሱ መንገድ ይደርሰዋል። የእርስዎ ቲኬት ሥራ እሱ ያንን ዝርዝር ከብዙዎች መሃል ነጥሎ እንዲያወጣው ማድረግ ነው፤ የስልኩ ሞዴል፣ የአፑ ቨርዥንና የሆነበት ደቂቃ እዚህ ላይ ወርቅ ናቸው።

isn't responding የሚል ከሆነ አፑ አልሞተም፤ ተንጠልጥሏል። አንድሮይድ ይህን ሳጥን በብዛት የሚያወጣው ተጠቃሚው ስክሪኑን ነክቶ አፑ ለ5 ሰከንድ ያህል መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። እዚህ ቲኬቱ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ደንበኛው ከዚያ ምን ነካ? Wait ብሎ ጠብቆ አፑ ከተመለሰ ሥራው ዘገምተኛ ነው ማለት ነው። ጠብቆ ጠብቆ ካልተመለሰ አንድ ነገር ጨርሶ ተቆልፏል። ለዴቨሎፐሩ ፍለጋው የሚጀመርበት ቦታ ይለያያል።

ከእነዚህ ውጭ ያለው፣ በአማርኛ የተጻፈ ወይም የአፑን ቀለምና ቁልፍ የያዘ ሳጥን ሁሉ፣ በአብዛኛው አፑ ራሱ ያወጣው ነው። አፑ በሕይወት አለ፤ ችግሩን አውቆታል፤ የተናገረው ቃል በኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ተጽፏል። ስለዚህ ቃሉ ራሱ አድራሻ ነው።

አይፎን ላይ ግን አፕ ሲሞት ምንም ሳጥን አይወጣም፤ አፑ ዝም ብሎ ይዘጋና የመነሻው ስክሪን ይታያል። «ሳጥን አልነበረም፣ በድንገት ተዘጋ» ብሎ መጻፍ ለአይፎን በቂና ትክክለኛ መግለጫ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። ሳጥኑ ላይ ስሙ የተጻፈው አፕ ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አፖች በውስጣቸው ድረ ገጽ ለማሳየት የሚጠቀሙበት፣ አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው የተባለው ክፍል ብልሽት ያለበት አፕዴት ወጥቶለት በዓለም ዙሪያ ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ አፖች በአንድ ጊዜ መሞት ጀመሩ፤ በየስልኩ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ግን የእያንዳንዱ አፕ ስም ነበር። ስለዚህ ደንበኛውን «ሌላ የሚዘጋ አፕ አለ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ መልሱ አዎ ከሆነ ቲኬቱ ላይ ከላይ ይጻፍ።

ጽሑፉን በጽሑፍ ይገልብጡት

የሳጥኑን ቃል ሥዕል ውስጥ ብቻ አይተዉት። በቲኬት ሥርዓቱ ውስጥ ነገ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ችግር ሲፈልግ የሚያገኘው የተጻፈ ቃል ነው። ዴቨሎፐሩም ኮዱ ውስጥ የሚፈልገው በቃሉ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ይህ የራሱ ወጥመድ አለው። «ስህተት» እና «ስሕተት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ፍለጋ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። አፑ ላይ «ስሕተት ተፈጥሯል» ተብሎ ሳለ እርስዎ «ስህተት ተፈጥሯል» ብለው ከጻፉ ዴቨሎፐሩ ኮዱን ፈልጎ «እንዲህ የሚል መልእክት የለንም» ሊልዎት ይችላል፤ ሐቁን ነው። ስለዚህ ፊደሉን ማረም አይፈቀድም። አፑ ላይ ተሳስቶ ቢጻፍም እንደተሳሳተ ይገለበጣል፤ አራት ነጥቡም፣ ቅንፉም፣ በቅንፉ ያለው ቁጥርም። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍም ይጻፍ፤ «እሺ» ብቻ ነው ያለው ወይስ «እንደገና ሞክር»ም አለ?

አፑ በእንግሊዝኛ የተናገረውን ወደ አማርኛ አይተርጉሙ፤ በአማርኛ የተናገረውንም ወደ እንግሊዝኛ። ትርጉም ካስፈለገ ከዋናው ሥር ለብቻው ይቀመጥ።

ጠርዙ ምን ይላል?

ከላይ በግራ ወይም በቀኝ ሰዓቱ አለ። አጠገቡ የኔትወርክ ምልክት አለ፤ ዋይፋይ ነው ወይስ የሞባይል ዳታ? 4ጂ ነው ወይስ ወርዶ E የሚል ፊደል ይታያል? የቁልፍ ምልክት ካለ ቪፒኤን በርቷል ማለት ነው፤ ደንበኞች ማብራታቸውን ረስተውት ስለሚቆዩ ተጠይቀው «የለኝም» ሊሉ ይችላሉ፣ ሥዕሉ ግን ይዞታል። ባትሪ ቆጣቢው በርቶ እንደሆነም ከባትሪው ምልክት ይታያል፤ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ሲቋረጥ ይህ ትርጉም አለው።

ከሳጥኑ በስተኋላ የደበዘዘውን ገጽም ያንብቡ። የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ፣ ቅጹ ተሞልቶ እንደሆነ፣ ፊደሉ በጣም ከተለመደው በላይ ትልቅ ተደርጎ እንደሆነ ከዚያ ይነበባል። ትልቅ ፊደል ቁልፎችን ከስክሪኑ ውጭ እየገፋ «ቁልፉ የለም» የሚያሰኝባቸው አፖች አሉ።

ከዚያ የፋይሉ ስም ነው። ሳምሰንግ ላይ አዲሶቹ ስልኮች ቀኑን፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንዱና የአፑን ስም ያስቀምጣሉ። ቅርጹ እንዲህ ነው፤

```
Screenshot_20250114_031207_AppName.jpg
```

ቀኑ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 14 ጃንዋሪ 2025፤ ሰዓቱ በስልኩ አቆጣጠር 3:12 ከ7 ሰከንድ። የስክሪኑ ሰዓት ሰከንድ አይነግርም፣ የፋይሉ ስም ግን ይነግራል። ሰርቨር ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ መቶ ጥያቄ ሲያልፍ ሰከንዱ ፍለጋውን በጣም ያጠብበዋል። አይፎን ላይ ስሙ IMG ብሎ የሚጀምር ተራ ቁጥር ስለሆነ ቀኑን ሥዕሉን ከፍቶ ወደ ላይ በማንሸራተት ያገኙታል።

ሥዕሉ ላይ የሌለው

ከስክሪንሾቱ የማይነበቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነሱን ብቻ ደንበኛውን ይጠይቁ። ብዙ ከጠየቁት ሁሉንም ይተወዋል።

የአፑ ቨርዥን፦ የአፑን ምልክት ተጭኖ በመያዝ App info ውስጥ ገብቶ እስከ ታች መውረድ ነው። አይፎን ላይ Settings፣ General፣ iPhone Storage ብሎ አፑን መንካት። «አዲሱ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ፤ ፕሌይ ስቶር አዲስ ቨርዥን ለሁሉም በአንድ ቀን ላያደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ደንበኛው የእሱን «አዲስ» ነው የሚነግርዎት። ቁጥሩ ይጻፍ።

የስልኩ ሞዴል፦ Settings ውስጥ About phone ላይ አለ። የንግድ ስሙ ብቻ አይበቃም። ጋላክሲ A14 ሲባል የ4ጂውና የ5ጂው ስልክ የተለያየ ቺፕ አላቸው፤ ልዩነቱን የሚናገረው እንደ SM-A145F ያለው የሞዴል ቁጥር ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይም ስሙን ብቻ ሳይሆን ከስሙ አጠገብ ያለውን የሞዴል ኮድ ይውሰዱ።

የአንድሮይድ ቨርዥን፦ እዚያው About phone ውስጥ ነው፤ ሳምሰንግ ላይ Software information የሚለው ሥር። ከቁጥሩ ጋር የደኅንነት ማሻሻያው ቀን ካለ አብሮ ይወሰድ።

ደንበኛው የ About phone ገጹን ስክሪንሾት ከላከልዎት ደስ ይበልዎት፤ ግን ቲኬቱ ላይ ከማያያዝዎ በፊት ይሸፍኑት። እዚያ ገጽ ላይ የስልክ ቁጥር፣ IMEI እና መለያ ቁጥር አንድ ላይ ይገኛሉ፤ ለዚህ ሥራ አንዳቸውም አያስፈልጉም። ሲሸፍኑ ግልጽነት ያለው ማድመቂያ ብዕር አይጠቀሙ፤ ብርሃኑ ከፍ ሲደረግ ከሥሩ ያለው ይነበባል። ድፍን ጥቁር ሳጥን ያስቀምጡ። ከሁሉም የሚሻለው ቁጥሮቹን በጽሑፍ ወስዶ ያንን ሥዕል ጨርሶ አለማያያዝ ነው። ዋናው የስህተት ስክሪንሾት ላይም የተቀባዩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ካለ ይሸፈናል። ሰዓቱና የኔትወርኩ ምልክት ግን አይነኩም።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አሁን ከላይ ያየነውን ፋይል እንያዝ። አንዲት ደንበኛ በአንድ የክፍያ አፕ ገንዘብ ለመላክ ስትሞክር ሳጥን ወጣባት፤ «ጥያቄው ጊዜው አልፎበታል። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። (403)» ይላል፤ ከሥሩ «እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። ይህ አፕ ስክሪንሾት አይከለክልም። የኔትወርክ ምልክቱ 4ጂ ነው፣ ዋይፋይ የለም፣ ቪፒኤን የለም። ሰዓቱ 3:12 ይላል። መልእክቷ ቴሌግራም ላይ የገባው በድጋፍ ክፍሉ ኮምፒውተር 9:20 ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፋል። ግን 3:12 እና 9:20ን ያስተያዩ። ሌሊት አንስታው ጠዋት ልካው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነሱት?» ቢሏት «ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ» ትላለች። በእኛ አቆጣጠር ትክክል ናት፤ እርስዎ ግን ከመልሱ ምንም አላወቁም። የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፤ «እሜቴ፣ አሁን ስልክዎ ላይ ከላይ የሚታየውን የሰዓት ቁጥር እንዳለ ይጻፉልኝ።» የእርስዎ ኮምፒውተር 9:31 ሲል እሷ «3:31» ብላ መለሰች።

ነገሩ እዚህ ላይ ተከፈተ። ስልኩ ሰዓቱን በራሱ ከኔትወርክ እንዳይወስድ ተደርጎ በእጅ ወደ ሐበሻ ሰዓት ተሞልቷል፤ ከትክክለኛው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ስልኩ ያለበት የሰዓት ቀጠና ግን አልተቀየረም። ስለዚህ ስልኩ ለሰርቨሩ «አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ነው» እያለ ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ከ12 ላይ ነው።

ይህ ለምን ገንዘብ መላክን ይከለክላል? ገንዘብ የሚነኩ ብዙ አፖች እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የስልኩን ሰዓት አያይዘው ያትሙበታል። ሰርቨሩ ሰዓቱ ከራሱ ጥቂት ደቂቃ በላይ ከራቀ አይቀበልም፤ አንድ ሰው ጥያቄውን መንገድ ላይ ቀድቶ በኋላ ደግሞ እንዳይልከው ነው። የአማዞን የፋይል ማከማቻ አገልግሎት ለምሳሌ ከ15 ደቂቃ በላይ ልዩነት ያለውን ጥያቄ 403 ብሎ፣ ማለትም «አልፈቅድም» በሚለው የሰርቨሮች ኮድ፣ ይመልሳል። 6 ሰዓት ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጡ አፖችም በዚሁ ምክንያት የተሳሳተ ኮድ ይሰጣሉ። ዓመቱን በእጅ ወደ 2017 የመለሰ ስልክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት «ገና አልጀመረም» ብሎ ስለሚያየው ድረ ገጽ ሁሉ እምቢ ይላል።

ግን ይህ እስካሁን ግምት ነው። ወደ ቲኬቱ ከመግባቱ በፊት መፈተን አለበት፤ ፈተናውም አንድ ነገር ብቻ በመቀየር ነው። ደንበኛዋ አፑን ሳታራግፍ፣ ሳትወጣ፣ ኔትወርክ ሳትቀይር፣ Date and time ውስጥ ገብታ Automatic date and time የሚለውን ብቻ ታበራለች። ከዚያ ትልካለች። አለፈ። ይህ በቂ ይመስላል፣ አይደለም፤ ምናልባት በዚያው ደቂቃ ሰርቨሩ ተሽሎት ይሆናል። ስለዚህ እርስዎ በመሞከሪያ ስልክና በመሞከሪያ አካውንት ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው ይሞክራሉ፤ ሳጥኑ ይመጣል። አውቶማቲክ ያደርጋሉ፤ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ያመላልሱት። ሦስቱም ጊዜ እንደዚያው ከሆነ ምክንያቱ በእጅዎ ነው።

የመሞከሪያ አካውንት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ሳጥኑ «አልተሳካም» ቢልም ገንዘቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ የቀረበት ጊዜ አለ። ደንበኛን «እንደገና ይሞክሩ» ከማለትዎ በፊት የላከችው ዝርዝርና ቀሪ ሂሳቧ ይታይ።

ሰዓቱን በቲኬት ላይ እንዴት ይጽፉታል?

ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ቲኬቱ ላይ «3:12» ብቻ ቢጻፍ ዴቨሎፐሩ 3 ቀንሶ 00:12 ላይ ይፈልጋል። እዚያ ምንም የለም። «ማግኘት አልተቻለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ እርስዎም ደንበኛዋም ትክክል ሆናችሁ ሳለ። ስለዚህ ሦስቱም ይጻፉ፤ ስክሪኑ ላይ የታየው፣ ትክክለኛው የአዲስ አበባ ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ እና ዩቲሲው። የእኛ ጉዳይ ላይ 3:12፣ 09:12 እና 06:12 ይሆናሉ። ቀኑም በፈረንጆቹ ይጻፍ፤ የኢትዮጵያውን ከጎኑ መጨመር ይቻላል።

ደንበኛው ከአገር ውጭ ካለ ከተማውን ይጠይቁ። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል፤ ዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ቲኬቱ

ርዕሱ ብቻውን ተነቦ ጉዳዩን መናገር አለበት። «አስቸኳይ!!» ወይም «አፕ ችግር» ማንም ፈልጎ አያገኘውም። የት፣ ምን ሲደረግ፣ ምን ታየ፤ ይኸው ነው። ሙሉው እንዲህ ይወጣል (የአፑ ቨርዥን ቁጥር ለምሳሌ የገባ ነው)፦

ርዕስ፦ ገንዘብ ላክ ገጽ፤ የስልኩ ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ሲሆን «ጥያቄው ጊዜው አልፎበታል (403)» ይላል፤ አፕ 4.2.1፣ አንድሮይድ 14

የታየው ጽሑፍ፦ «ጥያቄው ጊዜው አልፎበታል። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። (403)»፤ ቁልፍ፦ «እሺ»

ስልክ፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ A14፣ SM-A145F፣ አንድሮይድ 14፤ የሞባይል ዳታ 4ጂ፤ ዋይፋይና ቪፒኤን የሉም

ጊዜ፦ 2025-01-14፤ ስክሪኑ ላይ 3:12:07፤ ትክክለኛው 09:12 አዲስ አበባ፤ 06:12 ዩቲሲ

መነሻ ሁኔታ፦ ተጠቃሚው ገብቷል፤ በቂ ቀሪ ሂሳብ አለ፤ Automatic date and time ጠፍቷል፤ ሰዓቱ ከትክክለኛው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ተሞልቷል

ደረጃዎች፦
1. አፑን ይክፈቱ። ቀሪ ሂሳብ በትክክል ይታያል።
2. «ገንዘብ ላክ» የሚለውን ይንኩ።
3. የተቀባይ ቁጥርና 10 ብር ያስገቡ።
4. «ቀጥል» ይንኩ፤ የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ።
5. «ላክ» ይንኩ።

የተጠበቀው፦ የመላኪያ ማረጋገጫ ገጽ

የሆነው፦ ከላይ የተጻፈው ሳጥን፤ ገንዘብ አልወጣም፣ በዝርዝሩ ላይም የለም

ድግግሞሽ፦ በመሞከሪያ ስልክ 3 ከ3። ሰዓቱ አውቶማቲክ ሲሆን 0 ከ3።

ግምት፦ ሰርቨሩ በጥያቄው ላይ ያለውን የስልክ ሰዓት እየተቃወመ ይመስላል። ሳጥኑ ስለ ስልኩ ሰዓት ቢናገር ደንበኛው ራሱ ያስተካክለዋል።

ተያያዥ፦ ዋናው ስክሪንሾት፣ የተቀባይ ቁጥር ተሸፍኗል

ደረጃ 1 ላይ «ቀሪ ሂሳብ በትክክል ይታያል» የሚለው ለጌጥ አልገባም። አፑ ከሰርቨሩ ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ፣ የታገደው መላክ ብቻ እንደሆነ በአንድ ሐረግ ይናገራል፤ «ኔትወርክ ነው» የሚለውን መልስ ከመምጣቱ በፊት ይዘጋዋል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ንክኪ ብቻ መያዙንም ልብ ይበሉ። «ገብተህ ሞልተህ ላክ» ተብሎ ቢጻፍ ዴቨሎፐሩ የትኛው ንክኪ ላይ እንደሆነ አያውቅም። «ግምት» የሚለው መስመር ደግሞ ሆን ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። ካዩት ጋር ከተቀላቀለና ግምቱ ስህተት ከሆነ ዴቨሎፐሩ ያዩትንም ማመን ያቆማል።

ችግሩ ደግሞ እምቢ ሲል፣ ማለትም አንዴ መጥቶ አልመለስ ሲል፣ ቲኬቱ አይቀርም። «1 ከ10» ተብሎ ይጻፋል፤ ችግሩን ያላመጡት ሙከራዎችም ይዘረዘራሉ፤ ዋይፋይ ላይ፣ በሌላ አካውንት፣ በሌላ ስልክ፣ አፑ ለረጅም ጊዜ ከጀርባ ከቆየ በኋላ። ደንበኛው ሲመለስበት እንዲነግርዎት ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ ሙሉውን ስክሪን ሳይቆርጥ እንዲያነሳና ከዚያ በፊት የነካውን የመጨረሻ ቁልፍ እንዲያስታውስ።